አንገቱ ላይ ቱርክ፣ ጎኑ ላይ ባንግላዴሽ

አንድ ቲሸርት ሲገለበጥ ቢያንስ ሁለት ቦታ ላይ ጽሑፍ ይገኝበታል። አንገቱ ሥር የድርጅቱን ስምና የልብሱን ቁጥር የያዘ ትንሽ ሌብል አለ። በጎኑ ደግሞ፣ ከታችኛው ቅምቅማት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ስለ እጥበቱ፣ ስለ ጨርቁ ዓይነትና ስለተሠራበት አገር የሚናገር ጠባብ ታግ ከስፌቱ ውስጥ ብቅ ይላል። ብዙ ሰው የአንገቱን ብቻ አይቶ ዋጋ ይጠይቃል። የጎኑን ታግ ጭራሽ ሳያነበው፣ ቆዳ ይኮሰኩሳል ብሎ በመቀስ ይቆርጠዋል።

መርካቶ ውስጥ «የቱርክ ነው» የሚለው ቃል ዋጋ ያወጣል። «ኦሪጅናል ነው» የሚለውም እንዲሁ። ከውጭ አገር ዘመድ የላከው ልብስ ደግሞ ከነአካቴው አይጠየቅም፤ ከአሜሪካ ከመጣ የአሜሪካ ነው ይባላል። ሌብሉን ገልጦ ያነበበ ሰው ግን ቬትናም፣ ሆንዱራስ ወይም ባንግላዴሽ የሚል ሊያገኝ ይችላል። ልብሱ አሜሪካ ተሸጠ ማለት አሜሪካ ተሰፋ ማለት አይደለምና በዚህ የሚደንቅ ነገር የለም። የሚያጠራጥረው የአንገቱ ሌብል አንድ አገር፣ የጎኑ ታግ ሌላ አገር ሲጠራ ነው።

እነዚህን ጽሑፎች ለማንበብ ከሁሉ በፊት መያዝ ያለበት ነገር አለ። አንድ ፊደል ጠበብ ብሎ ስለታየ ወይም ስፌቱ ትንሽ ስለጠመመ ብቻ ልብሱን ፎርጅድ ነው ብሎ መፍረድ አያስኬድም። ትክክለኛዎቹ ሌብሎችም ከፋብሪካ ፋብሪካ፣ ከዓመት ዓመት ይለያያሉ። አስተማማኝ ነገር የሚገኘው በአንገትና በጎን ያሉትን ጽሑፎች፣ ከተሰፉበት ክር ጋር፣ ጎን ለጎን አድርጎ በማየት ነው።

ከአንገቱ እንጀምር። ጥሩ የሚባለው የአንገት ሌብል ብዙውን ጊዜ የታተመ ሳይሆን የተሸመነ ነው። እንደ ማንኛውም ሽመና ድርና ማግ አለው፤ ፊደሉ የሚወጣው ባለቀለሙ ማግ አንዴ ወደ ፊት እየወጣ፣ አንዴ ከጀርባ እየተደበቀ ሲሄድ ነው። ስለዚህ በሌብል ላይ ያለ ፊደል ወረቀት ላይ እንዳለው ለስላሳ መስመር የለውም። እያንዳንዱ ቅስት ከጥቃቅን ደረጃዎች የተሠራ ነው። ክሩ ቀጭን ከሆነ ደረጃዎቹ ለዓይን አይታዩም። ክሩ ሲወፍር ግን የላቲኑ ኦ ማዕዘን ያወጣል፣ የኤ ሆድ ይደፈናል፣ የኤስ ጅራት ይቆረጣል።

የፊደላት መጠጋጋትም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። በሁለት ፊደላት መካከል ያለው ክፍተት የሚለካው በክር ቁጥር ነው። በቀጭን ክር አምስት ወይም ስድስት ክር ያህል ሊሆን የታሰበ ክፍተት፣ በወፍራም ክር ሲሸመን ሁለት ክር ወይም ሦስት ክር ይሆናል፤ ሁለት ተኩል ክር የሚባል ነገር የለም። በዚህ ምክንያት አንዱ ቦታ ይጠባል፣ ሌላው ይሰፋል፣ ስሙም በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ መሆኑ ይቀርና የተቆራረጠ ይመስላል።

ሁለተኛው ምክንያት ከሽመናው በፊት የሚመጣ ነው። የድርጅቱን ስም የነደፈው ባለሙያ በፊደላቱ መካከል ያለውን ቦታ በዓይኑ እየመዘነ አስተካክሎታል። ለምሳሌ የላቲኑ ኤ እና ቪ ጎን ለጎን ሲመጡ፣ ሁለቱም ያዘነበሉ በመሆናቸው በመካከላቸው ሰፊ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ ነዳፊው ይህን አይቶ ያቀራርባቸዋል። አስመስሎ የሚሠራው ሰው ግን ዋናው ንድፍ በእጁ የለም። ወይ ከፎቶግራፍ ላይ ገልብጦ ይስለዋል፣ ወይ የሚቀርበውን የፊደል ቅርጽ መርጦ በኮምፒዩተር ይተይበዋል። ሲተየብ ያ የተስተካከለ ክፍተት ይጠፋል። ከስሙ ጎን በክብ ውስጥ የምትቀመጠዋ ትንሿ አር ደግሞ በቀላሉ የምትበላሽ ናት፤ በወፍራም ክር ስትሸመን ክቧ ብቻ ይቀርና መሃሏ የተደፈነ ነጥብ ይሆናል።

ይህን ለማየት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። የስልክ ካሜራ አቅርቦ ማንሳትና ምስሉን ማስፋት ይበቃል። ማወዳደር የሚገባው ግን ከዚያው ድርጅት፣ ከዚያው ዘመን ከሆነ ልብስ ጋር ነው። ሌቪስ በሱሪዎቹ የኋላ ኪስ ላይ የሚሰፋት ትንሽ ቀይ ምልክት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናት። እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ድረስ በስሙ ውስጥ ያለው ኢ በትልቁ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በትንሹ ሆነ። ዛሬ የአሮጌ ልብስ ሰብሳቢዎች ባለ ትልቁን ኢ ሱሪ በውድ ዋጋ ይፈልጉታል። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ከአዲሱ ጋር አስተያይቶ «ፊደሉ ተሳስቷል» ብሎ ሊጥለው ይችላል።

የጎኑ ታግ ሌላ ባሕርይ አለው። እሱ አብዛኛውን ጊዜ አይሸመንም፤ በሳቲን ወይም በናይሎን ጥቅል ላይ በሙቀት ይታተማል። በላዩ የሚሰፍረው ነገር ከትእዛዝ ትእዛዝ ስለሚለዋወጥ፣ ኅትመቱ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ልብሱ በሚሰፋበት አገር ነው። የአንድ ድርጅት ቲሸርት ዳካ ሲሰፋና ኢስታንቡል ሲሰፋ የእጥበት ታጉ የፊደል ቅርጽ፣ የመስመሮቹ መጠጋጋት፣ የቋንቋዎቹ ብዛት ሊለያይ ይችላል። የተሳሳተ ትርጉምና የጎደለ ፊደልም በትክክለኛ ታግ ላይ ይገኛል። እንግዲህ በአንገቱ ሌብል ላይ የሚያጠራጥር የፊደል ልዩነት፣ በጎኑ ታግ ላይ ብዙም አያጠራጥርም። ሁለቱን በአንድ ዓይን የሚያይ ሰው ጤነኛውን ልብስ ይከስሳል፣ ወንጀለኛውን ያሳልፋል።

በጎኑ ታግ ላይ ከፊደሉ ይልቅ መታየት ያለበት አሰፋፉ ነው። ቲሸርት ሲሰፋ የፊቱና የጀርባው ጨርቅ ይገጠምና ታጉ በሁለቱ መካከል ይገባል። ከዚያ ኦቨርሎኩ ሦስቱንም አንድ ላይ ጠርዞ ያልፋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው አብሮ የተሰፋ ታግ የራሱ የሆነ ስፌት የለውም። ከላይ የመጣው የኦቨርሎክ ክር ሳይቋረጥ ታጉን ይዞ ወደ ታች ይቀጥላል። ከታጉ በላይ በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ያለውን የስፌት እርምጃ መቁጠር፣ ከዚያ ታጉ ያለበት ቦታ ላይ፣ ከዚያም ከታጉ በታች መቁጠር ነው። ሦስቱ ቁጥሮች እኩል ወይም በጣም ተቀራራቢ መሆን አለባቸው።

ታጉ በኋላ ከገባ ግን ሠራተኛው ካሉት ሁለት መንገዶች አንዱን ይከተላል። አንደኛው ጥቂት ሴንቲሜትር ተርትሮ፣ ታጉን አስገብቶ መልሶ መስፋት ነው። ያኔ የክሩ ቀለም ትንሽ ይለያል፣ የእርምጃው ቁጥር ይቀየራል፣ ጨርቁ ላይ የድሮው መርፌ የበሳቸው ባዶ ቀዳዳዎች ይቀራሉ። ሁለተኛውና የተለመደው ደግሞ ታጉን በኦቨርሎኩ ላይ ደርቦ በተራ የስፌት መኪና ቀጥ ባለ መስመር መምታት ነው። ይህ መስመር አጭር ነው፤ መኪናው ክሩ እንዳይተረተር ወደፊትና ወደኋላ ስለሚመላለስ ጫፎቹ ላይ ክሩ ይደራረባል። ቀድሞ የነበረ ታግ ተቆርጦ ከሆነም ሥሩ በስፌቱ ውስጥ ተይዞ ስለሚቀር ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ያህል ነጭ ጠርዝ ይታያል።

ሆኖም ይህ ምልክት የሚናገረው ታጉ በኋላ መምጣቱን ብቻ ነው። በሕግ በተፈቀደ ምክንያትም በኋላ ሊመጣ ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የጨርቁን ዓይነት መጻፍ ግዴታ ነው፤ የተሠራበትን አገር መጻፍ ግን በልብስ ላይ አጠቃላይ ግዴታ አይደለም። ስለዚህ ለአውሮፓ ገበያ የተሰፋ ሸሚዝ አገር ሳይጠራ ቢገኝ ጉድለት የለበትም። ያው ሸሚዝ ወደ አሜሪካ የሚገባ ከሆነ ግን አስመጪው አገሩን የሚጠራ ታግ መጨመር አለበት። የአሜሪካ ሕግ አንድ ነጋዴ የቀድሞውን ሌብል አውልቆ የራሱን እንዲያስገባም ይፈቅዳል፤ አዲሱ ሌብል የሚጠየቀውን መረጃ ሁሉ በእውነት ከያዘ፣ ነጋዴውም መዝገቡን ካስቀመጠ። ጨርቅ ላይ ጽሑፍ የሚያትሙ ሱቆች ያለ ስም የተሠሩ ቲሸርቶችን ገዝተው የራሳቸውን ስም አንገቱ ላይ የሚያደርጉት በዚህ መንገድ ነው።

አገሩን የሚጠራው ጽሑፍ ከሁሉ በላይ የሚያወዛግብ ነው። በአሜሪካ ደንብ አንገት ያለው ልብስ የተሠራበትን አገር መጻፍ ያለበት በአንገቱ ውስጠኛ ክፍል መሃል፣ በሁለቱ የትከሻ ስፌቶች መካከል ነው። የጨርቁ ዓይነትና የኩባንያው መለያ ሌላ ቦታ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አገሩ ግን እዚያ ይሁን ይላል። አጻጻፉ ግን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንዱ «ሜድ ኢን» ይላል፣ ሌላው «ፕሮዳክት ኦፍ»፣ ሌላው የአገሩን ስም ብቻ ያሰፍራል። ልብሱ ላይ ገዢን የሚያሳስት ሌላ የቦታ ስም ካለ፣ ለምሳሌ የድርጅቱ ስም ከአንድ ታዋቂ ከተማ ጋር ከተጻፈ፣ ጉምሩክ ከትክክለኛው አገር ስም በፊት «ሜድ ኢን» ወይም ተመሳሳይ ቃል እንዲገባና ሁለቱ ተቀራርበው እንዲታዩ ይጠይቃል። «ዲዛይንድ ኢን ኢታሊ» የሚል ጽሑፍ በትልቁ አንብቦ የጣሊያን ልብስ ገዛሁ የሚል ሰው፣ ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን አላየም ማለት ነው።

«የተሠራበት አገር» ማለት በአሜሪካ ጉምሩክ ዘንድ የትኛው አገር ነው? ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ ተቆርጦ ለሚሰፋ ለአብዛኛው ልብስ መልሱ ቁርጥራጮቹ ተገጣጥመው የተሰፉበት አገር ነው። ጥጡ የት በቀለ፣ ጨርቁ የት ተሸመነ የሚለው በዚህ አይታይም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ተመርቆ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ገበያ ልብስ መስፋት ሲጀምር፣ አጎዋ በሚባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል ከሌላ አገር የመጣ ጨርቅም ቢሆን እዚህ ከተሰፋ መግባት ይችል ነበር። ጨርቁ ከእስያ መጥቶ ሐዋሳ የተሰፋ ሸሚዝ አንገቱ ላይ «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ» ሲል እውነቱን ነው። ኢትዮጵያ ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአጎዋ ስትወጣ የተለወጠው ቀረጡ ነው፤ የሌብሉ ቃል ግን አልተነካም። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከሱቅ መደርደሪያ ላይ የአገሩን ስም አንገቱ ላይ ይዞ የተሰቀለ ልብስ ካገኘ፣ ያ ስም የሚመሰክረው ለሰፊዎቹ እጅ ነው።

የአገር ስም ራሱ ሲለወጥ ደግሞ ሌብሉ ዕድሜን ይናገራል። የቱርክ መንግሥት በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ወደ ውጭ በሚላኩ ዕቃዎች ላይ «ሜድ ኢን ተርኪ» መባሉ ቀርቶ «ሜድ ኢን ቱርኪዬ» እንዲባል አዘዘ። ስዋዚላንድ በ2018 እ.ኤ.አ. ኤስዋቲኒ ሆናለች። ስሪላንካ እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ሲሎን ነበረች። ከለውጡ በኋላ የድሮው ስም በልብስ ላይ ለተወሰነ ጊዜ ቢታይ አይገርምም፤ ፋብሪካ ያሳተመውን ጥቅል ጨርሶ ነው አዲሱን የሚያዘው። ተቃራኒው ግን አይሆንም። የሃያ ዓመት ዕድሜ አለው ተብሎ የሚሸጥ ጃኬት «ቱርኪዬ» የሚል ታግ ካለው፣ ወይ ታጉ ወይ ዕድሜው ውሸት ነው።

እስካሁን የተባለውን በአንድ ልብስ ላይ እንየው። ከሰልባጅ መካከል ተመርጦ «የቱርክ ነው» ተብሎ የቀረበ ኮሌታ ያለው ቲሸርት አለ እንበል። አንገቱ ላይ የታወቀ ድርጅት ስም አለ፣ ከሥሩም በተለየ ሌብል «ሜድ ኢን ተርኪ» ይላል። ሲገለበጥ የስሙ ሌብል ከአንገቱ ቴፕ ሥር ገብቶ ከመጀመሪያው ስፌት ጋር ተይዟል። አገሩን የሚጠራው ግን በቴፑ ላይ ተደርቦ በሌላ ነጭ ክር ተመትቷል፣ ጫፎቹ ላይም ክሩ ተደራርቧል። ይህ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ አስመጪ ጨምሮት ሊሆን ይችላል። ጎኑ ላይ ደግሞ ባለ ብዙ ቅጠል የእጥበት ታግ አለ፣ በኦቨርሎኩም ሳይቋረጥ ተይዟል። የፊተኛው ቅጠል ከሥሩ ተቆርጧል። በሁለተኛው ቅጠል ጀርባ፣ በፈረንሳይኛና በስፓኒሽ መስመሮች መካከል፣ ባንግላዴሽ የሚል ቃል ይነበባል።

እዚህ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ከልብሱ ጋር የተወለደው ታግ ባንግላዴሽ ይላል፤ በኋላ የመጣው ሌብል ቱርክ ይላል፤ አገሩ በእንግሊዝኛ ይጻፍበታል ተብሎ የሚጠበቀው ቅጠል ደግሞ የለም። ሦስቱ አንድ ላይ ሲታዩ የሚያመለክቱት ልብሱ ምናልባት ትክክለኛ፣ የአገሩ ሌብል ግን ሐሰተኛ መሆኑን ነው። ይህ ልዩነት ለገዢው ዋጋ አለው። የድርጅቱ ስም እውነት ሆኖ ሳለ ሻጩ «የቱርክ» በሚለው ቃል ላይ ተጨማሪ ብር እያስከፈለ ነው። ሌላም መፈተሻ አለ። የአሜሪካ ደንብ የጨርቁን ዓይነት ከሚበዛው ወደሚያንሰው በቅደም ተከተል ጻፉ ይላል፤ «30 በመቶ ጥጥ፣ 70 በመቶ ፖሊስተር» የሚል ታግ ቢገኝ፣ ጥጡን ለማሳየት ሲል የጻፈው ሰው ደንቡን አያውቅም ወይም አልፈለገውም።

በታጉ ላይ አርኤን ከሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ቀጥሎ ቁጥር ካለ እሱም ይጠቅማል። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ለአገሩ ኩባንያዎች የሚሰጠው መለያ ነው፤ ማንም ሰው በኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን አስገብቶ የማን እንደሆነ ማየት ይችላል። ቁጥሩ አንገቱ ላይ ካለው ስም ጋር ምንም የማይገናኝ ኩባንያ ከጠራ ጥርጣሬው ይበረታል። ገደቡ ግን መታወቅ አለበት፤ መለያው የሚነግረን ልብሱን አሜሪካ ውስጥ ያስመጣውን ወይም ያከፋፈለውን ነው እንጂ የሰፋውን አይደለም። አስመጪውና የስሙ ባለቤት የተለያዩ መሆናቸውም ያጋጥማል። ቁጥሩን ከሌላ ልብስ ገልብጦ ማተምም ለአስመሳይ ቀላል ነው።

አገር የሚጠራ ሌብል መቀየር ምን ያህል እንደሚያስጠይቅ በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታየ ጉዳይ ያሳያል። ላየንስ ኖት ሺፕ የተባለ፣ መቀመጫው ዩታ የሆነ የልብስ ድርጅትና ባለቤቱ በዚሁ የንግድ ኮሚሽን ተከሰሱ። ኮሚሽኑ እንዳስረዳው ቲሸርቶቹና ኮፍያዎቹ ከቻይናና ከሌሎች አገሮች የመጡ ሲሆኑ፣ ድርጅቱ የመጡበትን አገር የሚጠራውን ታግ እያወጣ «ሜድ ኢን ዩኤስኤ» የሚል ሌብል ይተካ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የተሠራው ሥራ ማተምንና የመሳሰሉትን የማጠናቀቂያ ሥራዎች ብቻ ነበር። ማስረጃው ደግሞ ከባለቤቱ ከራሱ አፍ ወጥቷል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በለቀቀው ቪዲዮ፣ ታጉን ገንጥሎ ሌላ በመተካት ቲሸርቱ ቻይና መሠራቱን መደበቅ እንደሚቻል ተናግሮ ነበር። ድርጅቱና ባለቤቱ 211,335 ዶላር እንዲከፍሉ ተወሰነ፤ ያለ ማረጋገጫ የአሜሪካ ምርት ነው ማለትም ተከለከሉ።

በዚህ ጉዳይ ሌብል መተካቱ በራሱ ጥፋት እንዳልነበረ ልብ ማለት ይገባል። ያው ድርጅት ታጉን አውጥቶ የራሱን ስም፣ የጨርቁን ዓይነትና «ሜድ ኢን ቻይና» የሚለውን ቃል ቢያስገባ ሕጋዊ ሥራ ይሆን ነበር። ያስከሰሰው የአገሩ ስም ነው።

የተሰፋ የአንገት ሌብል ራሱ ከብዙ ልብሶች ላይ እየጠፋ ነው። ሄንስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ታግ አልባ ቲሸርት ይዞ ከመጣ ወዲህ፣ ብዙዎች ስሙን፣ ቁጥሩንና አገሩን በሙቀት ጨርቁ ላይ ያትማሉ። ቆዳ አይኮሰኩስም፣ የስፌት ሥራም ይቀንሳል። ለሚመረምር ሰው ግን ከባድ ነው፤ የሚቆጠር የስፌት እርምጃ የለም፣ መርፌ የበሳው ቀዳዳ የለም፣ እጥበት ሲደጋገምም ጽሑፉ ይፈዛል፣ ይሰነጣጠቃል። እንዲህ ባለ ልብስ ላይ አንገቱ ብዙ ስለማይናገር የጎኑ ታግ ካለ መጀመሪያ የሚገለጠው እሱ ነው። ከሁሉም ቅጠሎቹ ጋር ሳይቆረጥ የቆየ ታግ፣ የመጨረሻው ቅጠል ጀርባ ድረስ፣ መስመር በመስመር ይነበባል።